ስሙ ያልታወቀ ዜማ ሲቀርብልን

በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የምንኖር ሰዎች ከምእመናን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ዜማ ምንድን ነው? ከየትኛው መጽሐፍ የተገኘ ነው? መቼስ ይባላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ለጆሮ ቀላል ነው፤ የሚመልሰውም ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሐረግ እንደ ተሰማ ቆሞ ሳያስብ አንድ ስም ይሰጣል። የተሰጠው ስምም ከዚያ በኋላ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው፥ ስሙ ላልታወቀ ዜማ ስም የምንሰጠው በምን ማስረጃ እንደ ሆነ፥ ማስረጃችን ሳይሞላም ጠያቂው ያዘነ ሰው ሲሆን ምን ልንለው እንደሚገባን ነው።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከምንተነትነው የገጠመንን አንድ ጉዳይ አንሥተን ብናየው ይሻላል።

አባቱ በቅርቡ ያረፉበት አንድ ምእመን አንድ አሮጌ ካሴት ይዞ ወደ እኛ መጣ። አባቱ በሕይወት ሳሉ የድጓ መምህር ነበሩ፤ በካሴቱም ላይ ድምፃቸው ተቀርጾ ይገኛል። በቤተ ሰቡ ዘንድ ለረጅም ዘመን የሚነገረው፥ ይህ ዜማ አባትዬው የገዛ ወንድማቸው በተቀበረ ጊዜ ያዜሙት መዋሥዕት ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ልጁ፥ «አባቴ ለወንድማቸው ያዜሙትን በአርባ ቀናቸው ካህናቱ ለእርሳቸው እንዲያዜሙላቸው እንፈልጋለን፤ ከመጽሐፈ መዋሥዕት ስፍራውን አውጡልን» ብሎ ለመነን። ለተዝካሩ የቀረው 14 ቀን ብቻ ነበር።

ካሴቱን ልጁ ራሱ ባመጣው በእጅ በሚያዝ ማጫወቻ አደመጥነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፥ ከባድና ዝግተኛ ነበር። ከበሮ የለም፤ ጸናጽል የለም፤ የመቋሚያ ድምፅም አይሰማም። ቃሉ ግዕዝ እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ስላረጀ ሙሉው አይለይም፤ ከሚለየው ውስጥ «ተንሥእ» የሚለውና «ዐራት» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ ካህን ወዲያው፥ «ዕዝል ነው፤ የሙታን ነው። ሬሳው በአልጋ ተኝቶ ተነሥ እየተባለ ትንሣኤ ሙታን ይሰበክለታል» አሉ። እኛም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ሐዘኑ በድምፁ ውስጥ አለ፤ ቃሉም የተስማማ ይመስላል፤ ልጁም እያለቀሰ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብለን ነበር።

በማግሥቱ ያንኑ ካሴት አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር እንዲያደምጡት አደረግን። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካደመጡ በኋላ ስለ ዜማው አንድም ቃል ሳይናገሩ፥ «ይህ ዶሮ ምን ሆኗል?» ብለው ጠየቁ። እኛ ዶሮ መኖሩንም አላስተዋልንም ነበር። እንደገና ብናደምጥ በእርግጥ ከሩቅ አንድ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ድምፁ ግን የዶሮ ሳይሆን የበሬ ማግሣት ይመስላል። «ዶሮው እንዲህ ከጎረነነ የመምህሩም ድምፅ ጎርንኗል ማለት ነው» አሉ። ማጫወቻው የሚሠራበት ባትሪ ደክሞ ኖሮ ክሩን ከሚገባው በታች በዝግታ ይጎትተው ነበር፤ ክሩ ሲዘገይ ደግሞ ድምፁ ይዘገያል፤ ይወርዳልም። በሌላ ደኅና ማጫወቻ ስናሰማቸው ዶሮው ዶሮ ሆነ፤ የመምህሩም ድምፅ ከፍና ፈጠን አለ። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን፥ አስቀድሞ እንደ ሁለተኛ ካህን ሆኖ ይሰማን የነበረው ተቀባይ ድምፅ የአንድ ትንሽ ልጅ ድምፅ ሆኖ መገኘቱ ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሊቁ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የደረሳቸው የዜማ ስልቶች ሦስት መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ሊቃውንቱም ግዕዝን ርቱዕና ገር፥ ዕዝልን ጽኑዕና ታዛይ፥ አራራይን ልብ የሚያራራ ጥዑም ብለው ይተረጕሟቸዋል። ነገር ግን ይህን ትርጓሜ የሰማ ሁሉ ዜማውን ለየሁ ማለት አይችልም። ድምፅ ስለ ወረደ ዕዝል አይሆንም፤ ስለ ወጣም አራራይ አይሆንም። ጎርናና ድምፅ ያለው ካህን አራራይን ዝቅ አድርጎ ያዜማል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ዲያቆንም ዕዝልን ከፍ አድርጎ ያዜማል። ስልቱ ያለው ድምፁ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በሚሄድበት አካሄድና ሐረጉ ሲያልቅ በሚያርፍበት አስተራረፍ ነው። የኔታም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ትተው የሐረጎቹን መጨረሻ ብቻ እያደመጡ፥ በልባቸው የሚያውቁትን የእያንዳንዱን ስልት አወራረድ በቀስታ እያንጐራጐሩ አስተያዩት። ሦስት ጊዜ ካደረጉት በኋላ፥ «ግዕዝ ነው፤ ዕዝል አይደለም» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረ። በካሴቱ ልባጥ ላይ ቀለሙ በደበዘዘ ጽሕፈት «ግዕዝ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር፤ ልጁም እኛም ያየነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ሁላችንም ግን የቋንቋው ስም መስሎን አለፍነው። ጽሑፉን የጻፉት መምህር ግን ለተማሪ የሚጽፉ ነበሩና ቃሉ የግዕዝ ቋንቋ እንደ ሆነ ለማስታወቅ ቀለም አያጠፉም፤ የጻፉት የዜማውን ስልት ነበር። ለቋንቋውም ለስልቱም አንድ ስም በመሆኑ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ዕዝልም እንዲሁ ነው፤ የስልት ስም ሲሆን በድጓ ውስጥ ደግሞ ከአቡንና ከሰላም ጋር አብሮ የሚቈጠር የአንድ ክፍል ስም ነው። ስለዚህ አንድ መሪጌታ «ዕዝሉን በል» ሲል ስልቱን ማለቱ ነው ወይስ ክፍሉን? ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ስልቱ ግዕዝ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ዜማው መዋሥዕት አለመሆኑን አላስረዳንም። በአንድ በዓል ሌሊት ሦስቱም ስልቶች እየተፈራረቁ ይባላሉ፤ ስልት የቀን መቍጠሪያ አይደለም። ከስልቱ ያገኘነው ጥቅም፥ «የሚያሳዝን ድምፅ ነውና የሙታን ነው» የሚለውን የመጀመሪያ ማስረጃችንን ማፍረሱ ነው። ሐዘኑ ከዜማው አልነበረም፤ ገሚሱ ከደከመው ባትሪ፥ ገሚሱ ከእኛ ልብ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃችን የከበሮና የጸናጽል አለመኖር ነበር። ይህም ሲመረመር ባዶ ሆነ። ከበሮ ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ለቅሶ አንዱ ነው። ዐቢይ ጾም ሁለተኛው ነው፤ እንደ ሥርዓቱ በዚያ ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ደግሞ ጉባኤ ቤት ነው፤ ቃል በሚጸናበት ስፍራ ተማሪ የሚማረው ቁም ዜማውን ነውና መሣሪያ አያሻውም። የሕፃኑ ድምፅ የተሰማው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ልጁ ያንኑ መልሶ ይላል፤ በአንድ ስፍራም ልጁ ሲሳሳት መምህሩ አቋርጠው ያንኑ ሐረግ ይደግሙለታል። በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እንግዲህ በካሴቱ ላይ ያለው ቀብር ሳይሆን ትምህርት ነው። ከዚህም የምንረዳው፥ ዜማው የተቀረጸበት ጊዜ ሌላ፥ ዜማው የተሠራለት ጊዜ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው። ተማሪ የትንሣኤን ዜማ በጥቅምት፥ የጾሙን በሐምሌ ይማራል፤ በጥቅምት ተቀርጾ የተገኘ ሁሉ የጥቅምት ነው ቢባል ድጓው ሁሉ ይፋለሳል።

የቀረን ቃሉ ነበር። ስለ ቋንቋ ምስክርነት የሚነገረው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ነገር ብቻ እናነሣለን።

የመጀመሪያው፥ ግዕዝ የተባለ ሁሉ ጥንታዊ፥ ጥንታዊ የተባለ ሁሉም የቅዱስ ያሬድ አለመሆኑ ነው። «ሰላም ለ» እያለ የሚጀምር፥ በአምስት በአምስት ስንኝ እየተከፈለ መጨረሻው ቤት የሚመታ ድርሰት ስንሰማ መልክእ መሆኑን እናውቃለን፤ ይህም ከድጓው በኋላ የመጣ የድርሰት ዐይነት ነው። በድጓው ውስጥም በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበሩት ስለ አባታችን ተክለ ሃይማኖት የሚናገር ቃል ብናገኝ፥ ቃሉ ከሊቁ ከያሬድ በኋላ የተደረሰ፥ ስልቱ ግን የእርሱ መሆኑን እንመሰክራለን እንጂ ሁሉን በአንድ ላይ አንጨፈልቀውም። እንዲህ ብለን ስንናገር የሊቁ ክብር ይቀንሳል ብለው የሚያዝኑ ወንድሞች አሉ፤ ለእኛ ግን የሚመስለን፥ ያልደረሰውን ድርሰት ለእርሱ መስጠት ክብሩን አይጨምርለትም።

ሁለተኛው፥ አንዳንድ ጊዜ አንድ የባዕድ ቃል ብቻውን ጊዜውን ሁሉ የሚያመለክት መሆኑ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ ከኪርያላይሶን ጋር የሚሰሙት «እብኖዲ» እና «ናይን» የሚሉት ቃላት የቅብጥ ናቸው፤ አምላክና ማረን ማለት ነው። «ታኦስ» ግን የጽርእ ነው። እነዚህን ቃላት አንድ ላይ በአንድ ክር ላይ የሰማ ሰው ከበሮውንም ስልቱንም ሳይመረምር ሰሙነ ሕማማት ነው ብሎ ቢናገር ብዙም አይሳሳትም። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው «ናይን» የሚለውን ሲሰማ ጌታችን የመበለቲቱን ልጅ ያስነሣባት ከተማ ሊመስለው ይችላል። እኛንም ወደዚህ ስሕተት የሚያቀርብ ነገር ገጥሞን ነበር፤ የከተማይቱን ስም ሳንሰማ ታሪኳን ሰምተናል ብለን ነበርና።

ይኸውም እንዲህ ነው። «ተንሥእ» እና «ዐራት» የሚሉትን ይዘን ወደ ቅዱስ ወንጌል ስንሄድ አንድ ታሪክ ሳይሆን ሦስት ታሪክ ቀረበን። አንዱ በናይን ከተማ ተሸክመው ሲወስዱት ጌታችን ያስነሣው የመበለቲቱ ልጅ ነው፤ ይህ ቢሆን ለሙታን የተስማማ ነበር፤ ካህኑም በልባቸው የነበረው ይኸው ነበር። ሁለተኛው በቅፍርናሆም አራት ሰዎች በጣራ ያወረዱት ሽባ ነው። ሦስተኛው በመጠመቂያይቱ አጠገብ ለ38 ዓመት ተኝቶ የነበረው፥ በሰንበት ቀን የተፈወሰውና አልጋውን የተሸከመው በሽተኛ ነው። ሦስቱም ላይ መነሣት አለ፤ በሁለቱ ላይ አልጋ አለ። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ቃላት ይዞ መፍረድ አይቻልም ነበር። የሚለያቸውን ቃል መፈለግ ነበረብን፤ ይኸውም የከተማ ስም፥ ወይም አራት የሚል ቁጥር፥ ወይም ኃጢአትን ስለ ማስተሰረይ የሚናገር ቃል፥ ወይም ሰንበት፥ ወይም የዓመቱ ቁጥር ነው። ሦስት ሰዎች ሆነን እያንዳንዳችን ለብቻችን የሰማነውን በወረቀት ላይ ጻፍን፤ አንዳችን የሌላውን ሳናይ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ «እንዲህ ይላል» ካለ በኋላ የሌላው ጆሮ ያንኑ እንጂ ሌላ አይሰማም። ስናስተያየው ሰንበት የሚለውን ሦስታችንም፥ ሠላሳ የሚለውን ቁጥር ሁለታችን ጽፈነው ነበር። ታሪኩ የመጻጕዕ ነው።

መጻጕዕ የዐቢይ ጾም 4ኛው ሰንበት ነው። ይሁን እንጂ የወንጌል ታሪክ በአንድ ሳምንት ታጥሮ አይኖርም፤ ስለ ጌታችን ተአምራት የሚናገር ዜማ በሌላም ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ የኔታ ጾመ ድጓውን አስወጡና የመጻጕዕን ሳምንት ገልጠው ከክሩ ጋር ሐረግ በሐረግ አስተያዩት። ቃሉ ተገኘ፤ በክሩ ላይ ያልለየነውም ሁሉ በመጽሐፉ ሞላ። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክት ከቃሉ በላይ ተጽፎ ነበርና ይዘቱን፥ ደረቱን፥ ጭረቱን፥ ርክርኩን እያመለከቱ ከመምህሩ ድምፅ ጋር ተከተሉት። ከአንድ ስፍራ በቀር ሁሉም ገጠመ። በዚያ በአንዱ ስፍራ መጽሐፉ ድፋት የሚያደርገውን መምህሩ በሌላ መንገድ ያወጡታል። የኔታ ግን ይህን ስሕተት ነው አላሉም፤ «ቤተ ልሔም እንዲህ ሊል፥ ቆማ ወይም አጫብር ሌላ ሊል ይችላል፤ የተማሩበትን ቤት ሳናውቅ አንፈርድም» ብለው አለፉት። ለማረጋገጥም አንድ የዝማሬ መዋሥዕት መምህር ጠየቅን፤ በመዋሥዕት ውስጥ እንደማያውቁት ነገሩን።

ከዚህ በኋላ የገጠመን ጥያቄ የዜማ ጥያቄ አልነበረም። ያ የመጀመሪያው ካህን ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «ለልጁ አትንገሩት» አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም። «ሰውዬው አባቱን በቀበረ በወሩ መጥቶ የያዘውን አንድ መጽናኛ ልትነጥቁት ነው። ይህ የሃይማኖት ነገር አይደለም፤ ምሥጢረ ሥላሴን አላፋለሰም። ለሟቹ የሚጠቅማቸው ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ የዜማው ስም አይደለም። ቃሉም የጌታን ምሕረት የሚናገር ነው፤ በተዝካር ቢሰማ ምን ክፋት አለው?» አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ንግግር ሰምተን ያን ሌሊት በሐሳብ ተከፍለን አደርን። ትሕትና የሌለበት ዕውቀት ያዘነን ሰው እንደሚያቆስል እናውቃለን፤ የሰውን ስሕተት በማረም ደስ የሚለው ሰው ደግሞ በሊቃውንት መካከልም አይጠፋም።

ሲነጋ ግን እንዲህ አሰብን። ልጁ ወደ እኛ የመጣው መጽናናት ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሴቱን በቤቱ ማድመጥ ይበቃው ነበር። እርሱ የጠየቀን ከመጽሐፈ መዋሥዕት ስፍራውን እንድናወጣለት ነው። በዚህ ጊዜ ዝም ብንል ዝምታችን «አዎን፥ ነው» ማለት ይሆናል፤ መዋሥዕት ነው ብለን ብንሰጠው ደግሞ እርሱ የሚያምነው የእኛን ቃል ሳይሆን ቤተ ክርስቲያንን ነው። በራሳችን ስም ልንሰጠው የማንደፍረውን በእርስዋ ስም ልንሰጠው አይገባም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በተዝካሩ ላይ የሚገኙት ዘመዶች ዜማውን በስልካቸው መቅረጻቸው አይቀርም፤ የተቀረጸውም ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። የድጓ መምህር በቅርብ በማይገኝበት፥ በስደት ባለ አጥቢያ ውስጥ ያለ አንድ ዲያቆን ያንን ሰምቶ፥ «የተዝካር ዜማ ነው» ብሎ ቢያጠናው የሚያርመው የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጻጕዕ ዜማ በዚያ አጥቢያ የሬሳ ዜማ ይሆናል፤ ልጆችም በጾሙ 4ኛ ሰንበት ሲሰሙት «ማን ሞተ?» ይላሉ። ይህ በፈጠራ የተነገረ አይደለም፤ በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነበር። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አንድ ጊዜ በግምት የተሰጠ ስም ነበር ለዐሥርተ ዓመታት ተላልፎ ወደ እኛ የመጣው።

ከሁሉ ይልቅ የከበደን ግን የሟቹ መምህር ነገር ነው። በካሴቱ ላይ የሚሰሙት እርሳቸው አንድ ሕፃን አንዲት ሐረግ ስትጐድልበት አቋርጠው የሚመልሱ ሰው ናቸው። ይህን ሥራቸውን ሸፍነን ያልሠሩትን ሌላ ሥራ ብንሰጣቸው፥ እናከብራቸዋለን ስንል እናጠፋቸዋለን።

ስለዚህ ልጁን ጠርተን ነገርነው። በነገርነው ጊዜም ሦስት ዐይነት ቃል ለይተን ለመናገር ሞከርን፤ ይህንንም የምንጽፈው ለወንድሞቻችን ካህናት ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ነው። ያየነውን «ነው» አልን፤ ዜማው ጾመ ድጓ፥ ሳምንቱ መጻጕዕ፥ ስልቱ ግዕዝ ነው። ከምልክት የገመትነውን «ይመስላል» አልን፤ ካሴቱ በትምህርት ላይ ሳሉ የተቀረጸ ይመስላል። የማናውቀውን «አናውቅም» አልን። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ታዲያ አባቴ ለአጎቴ አላዜሙም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም ልጄ፤ ይህ ካሴት ማዜማቸውንም አለማዜማቸውንም አይናገርም። አዚመው ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን የለም» አልነው። ይህን መልስ መስጠት ከሁሉ የከበደን ነበር፤ «አላዜሙም» ማለትም «አዚመዋል» ማለትም ይቀል ነበርና። እርሱም ደግሞ፥ «ሕፃኑ ማን ይሆን?» አለ። ይህንንም አናውቅም ነበር።

በአርባው ቀን ካህናቱ መዋሥዕቱን ከመጽሐፉ እንደ ሥርዓቱ አደረሱ። ካሴቱ በቤት ውስጥ ሕዝቡ ከተሸኘ በኋላ በደኅናው ማጫወቻ ተሰማ፤ እኛም ተቀምጠን አደመጥን። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም በመጻጕዕ ሰንበት ዜማው በቦታው ሲባል ልጁ መጥቶ ከወንዶች መቆሚያ በስተኋላ ቆሞ አየነው፤ አልጠራነውም፤ እርሱም አላነጋገረንም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፥ ክሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ የመምህሩ ድምፅ ብቻውን ሁለት ስንኝ በግዕዝ ያሰማል፤ ሁለቱም ቤት ይመታሉ። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ብንፈልገው አልተገኘም፤ የማይገኝበትም ምክንያት አለ። ሁለት ስንኝ ሆኖ ቤት የሚመታ ጉባኤ ቃና ነው፤ ቅኔ ደግሞ በየዕለቱ አዲስ ይዘረፋል እንጂ እንደ ድጓ በመጽሐፍ ተጽፎ አይጠብቅም። ልጁ «የአባቴ የራሳቸው ቅኔ ነው በሉኝ» አለን። የእርሳቸው ሊሆን ይችላል፤ የመምህራቸው ሊሆን ይችላል፤ በጉባኤ ሰምተው የወደዱት የሌላ ሰው ቅኔም ሊሆን ይችላል። በድምፃቸው መባሉ የእርሳቸው ለመሆኑ አይበቃም። ስለዚህ ልባጡን አድሰን አዲስ ጽሑፍ ስንጽፍበት በአንደኛው መስመር «ጾመ ድጓ፤ ዘመጻጕዕ፤ ዜማው ግዕዝ፤ ለተማሪ ሲያስተምሩ» ብለን ጻፍን፤ በሁለተኛው መስመር «ጉባኤ ቃና፤ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ» ብለን ጻፍንና ካሴቱን ለልጁ መለስንለት።